ለወላጅ የሚላከው የክፍያና የፈተና ደብዳቤ፦ "ደርሶኛል" እና "ተስማምቻለሁ" አንድ አይደሉም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ምክትል ዳይሬክተር ነኝ። ከሁለተኛው ተርም ጀምሮ ክፍያ 15 በመቶ ይጨመራል፣ የተርም ፈተናው ደሞ በአንድ ሳምንት ወደፊት ተስቧል። ለወላጆች ደብዳቤ አዘጋጂ ተብዬ ረቂቅ ጽፌያለሁ፣ መጨረሻው ላይ "በ7 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ያላቀረበ ወላጅ እንደተስማማ ይቆጠራል፣ ያልከፈለ ተማሪም ለፈተና አይቀመጥም" የሚል አለበት። ወላጆቹን ማስቀየም አልፈልግም፣ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገርም እንዳልጽፍ ፈርቻለሁ። ረቂቁንና ወላጆች የፈረሙበትን የምዝገባ ፎርም አያይዣለሁ፣ ያዩልኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ረቂቁን ከማንበቤ በፊት ፎርሙን ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም ደብዳቤው ምን ማለት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። ወላጁ ልጁን ሲያስመዘግብ የፈረመበት ወረቀት ውል ነው፣ እናንተ "ፎርም" ብላችሁ ብትጠሩትም። እናም የእናንተ ፎርም የዓመቱን ክፍያ በቁጥር አስቀምጦ በሦስት እኩል ተርም ይከፈላል ይላል፣ በመሀል ሊሻሻል ይችላል የሚል ቃል ግን የትም የለውም፣ ሁለቴ ነው ያየሁት።

ይሄ ማለት ትምህርት ቤቱ ለዘንድሮ ክፍያውን ብቻውን መቀየር አይችልም። ሁለት ሰው የተስማማበትን ዋጋ አንዱ ተነስቶ በደብዳቤ ሊቀይረው አይችልም፣ ደብዳቤው የቱንም ያህል በትህትና ቢጻፍ። ያላችሁ መንገድ ሁለት ነው፣ ወይ ጭማሪውን ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ታቆዩታላችሁ፣ ወይ ደግሞ ወላጁን ትጠይቃላችሁ። የእርስዎ ረቂቅ ግን "እናሳውቃለን" ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ዝምታን ስምምነት ያደርጋል። ይሄ ነው ትልቁ ችግር። በመርህ ደረጃ ዝም ያለ ሰው ተስማማ አይባልም፣ በተለይ የመልሱን ጊዜም የዝምታውንም ትርጉም አንደኛው ወገን ብቻውን ሲወስን። ወላጁ ደብዳቤውን ላያገኘው ይችላል፣ አግኝቶም እያሰበበት ሊሆን ይችላል፣ 7 ቀን ሲሞላ ግን እናንተ ፈቀደ ብላችሁ ሒሳብ ትጠይቁታላችሁ፣ ጠቡ የሚጀመረው እዛ ላይ ነው።

ፎርማችሁ ላይ ለምሳሌ "ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ በማሳወቅ ክፍያ ሊሻሻል ይችላል" የሚል ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበር፣ ያኔ ማሳወቅ ይበቃ ነበር ማለት ነው። ግን ያኔም 30ው ቀን መቆጠር ያለበት ደብዳቤው ወላጁ እጅ ከገባበት ቀን ነው፣ ራስጌው ላይ ከተጻፈው ቀን አይደለም። ወር በገባ በ1 የተጻፈ ደብዳቤ በልጁ ቦርሳ ውስጥ ከርሞ በ10 ቢደርስ ዘጠኝ ቀን ከእናንተ ላይ ይቀነሳል። በብዙ ቦታ ደሞ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከመጨመሩ በፊት ከወላጆች ጋ መወያየት ወይም የትምህርት ባለሥልጣኑን ማስፈቀድ ይጠበቅበታል፣ እዛ ፈቃዱ ሳይኖር የወጣ ደብዳቤ ውሉ ቢፈቅድም አያድናችሁም፣ ስለዚህ ይሄን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ "ለፈተና አይቀመጥም" ልምጣ። እባክዎ ያውጡት። ልጁ የዋናውን ውል ክፍያ ከፍሏል፣ ያልከፈለው ገና ያልተስማማበትን ጭማሪ ነው፣ ስለዚህ ከፈተና ብታስወጡት ውሉን ያፈረሰው ወላጁ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ወላጁ ይሄን አንብቦ ቢፈርም እንኳን በኋላ "ልጄ እንዳይጎዳ ብዬ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም" ማለት ይችላል፣ ማስፈራሪያው ያስገኘላችሁን ፊርማ ራሱን አጠራጣሪ ያደርገዋል። እኔም ወላጅ ነኝ፣ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ ያውቃል፣ የጭማሪውን ምክንያት አልተቃወምኩም ነበር፣ ልጄ በመያዣነት መጠቀሷ ነው ያስቆጣኝ። ክፍያና ፈተና በሁለት የተለያየ ወረቀት ይውጡ፣ አንዱ ጥያቄ ነው አንዱ ማሳወቂያ፣ ሲቀላቀሉ ሁለቱም ይበላሻሉ።

የፈተናው ቀላል ነው፣ የትምህርት ካላንደር ማስተካከል በጥቅሉ የትምህርት ቤቱ ሥራ ስለሆነ የያንዳንዱን ወላጅ ፊርማ አይጠይቅም። ግን "ወደፊት ተስቧል" የሚለውን ቃል አይጠቀሙ። ግማሹ ወላጅ ቀደመ ብሎ ይረዳዋል ግማሹ ዘገየ ብሎ፣ የዘገየ የመሰለው ደግሞ ልጁን ለፈተናው ቀን ሌላ ቦታ ይዞት ሊገኝ ይችላል። የድሮውን ቀን፣ አዲሱን ቀን፣ ሰዓቱን ይጻፉ፣ በዛ ቀን የሐኪም ቀጠሮ ወይም ቀድሞ የተያዘ ጉዞ ያለበት ልጅ ማንን አነጋግሮ መቼ እንደሚፈተን ይጨምሩ፣ አለቀ።

የክፍያውን እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፦

"የተከበራችሁ ወላጆች፣ በዓመቱ መጀመሪያ የተስማማነው ክፍያ በተርም 1000፣ በዓመት 3000 ነው። ይህ ስምምነት አሁንም የጸና ነው። ሆኖም የመምህራን ደመወዝና የሕንጻ ኪራይ ስለጨመረብን ከሁለተኛው ተርም ጀምሮ በተርም 1150 እንድትከፍሉን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከተስማማችሁ የዓመቱ ድምር 3300 ይሆናል። ያልተስማማ ወላጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በነበረው ክፍያ ይቀጥላል፣ በልጁ ትምህርትና ፈተና ላይም ምንም ለውጥ አይኖርም። ጥያቄ ያላችሁ በዚህ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ቢሮ ብትመጡ እናስረዳለን።"

ድምሩን ያስገባሁት አውቄ ነው፣ 15 በመቶ የሚለው ብቻውን ሲነበብ የመጀመሪያውንም ተርም የሚነካ ይመስላል፣ ግን በዓመቱ ላይ ሲታይ ጭማሪው 10 በመቶ ነው፣ ወላጅ ደሞ ማወቅ የሚፈልገው ከኪሱ ስንት እንደሚወጣ ነው። ምክንያት ስትጽፉ እውነተኛውን ብቻ ጻፉ። ረቂቅዎ ላይ "በመመሪያ መሠረት" የሚል አይቻለሁ፣ እንዲህ የሚያዝ መመሪያ ከሌለ ይውጣ፣ ወላጅ በሐሰት ምክንያት የሰጠውን ስምምነት ላፍርሰው ቢል ሊሰማለት ይችላል። የዓመቱን ሙሉ ቀድሞ የከፈለ ወላጅ ካለ ለሱ ለብቻ ጻፉለት፣ ልዩነቱን እንደ ውዝፍ ዕዳ አድርጋችሁ አታቅርቡበት።

ከታች የሚቆረጠው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ይኑር። አንደኛው "ደብዳቤው ደርሶኛል" የሚል ከቀንና ፊርማ ጋ፣ ሁለተኛው "ከሁለተኛው ተርም ጀምሮ 1150 ለመክፈል ተስማምቻለሁ / አልተስማማሁም" የሚል ሌላ ፊርማ ያለው። ብዙ ትምህርት ቤት አንድ ፊርማ ብቻ ይወስድና በኋላ ክርክር ሲነሳ መድረሱን እንጂ መስማማቱን የሚያሳይ ነገር ያጣል። በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፉ ለማስታወስ ጥሩ ነው፣ ግን ማን እንዳየው አይታወቅምና ወረቀቱን አይተካውም።

ሒሳብ ክፍሉንም አሁኑኑ ያነጋግሩልኝ፣ "ተስማምቻለሁ" የሚለው ላይ ያልፈረመ ወላጅ ለሁለተኛው ተርም ሊከፍል ሲመጣ 1000 ተቀብለው ሙሉ ክፍያ ብለው ደረሰኝ ይቁረጡለት፣ "ቀሪ 150" የሚል ነገር እንዳይጻፍበት።