ሽማግሌዎች አስታርቀው ፋይሉ ይዘጋል?

«የ16 ዓመት እህቴን ጎረቤታችን ደፈራት። ለፖሊስ አመለከትን። ከሳምንት በኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች አባቴን አስቀምጠው አስታረቁ፤ አባቴ 40 ሺህ ብር ካሳ ተቀብሎ ፈረመ። አሁን ፖሊስ "ታርቃችኋል፣ ጉዳዩ አልቋል" ይላል። እህቴ ግን አልተስማማችም። ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ ጉዳዩ አላለቀም።

አንዳንድ ወንጀሎች የሚያስከስሱት ተበዳዩ በግል አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው። ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት እንደነዚህ ናቸው። እዚያ ላይ እርቅ ክሱን ሊያስቀር ይችላል። አስገድዶ መድፈር ግን ከዚህ ውጭ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መሠረት ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ክሱ የዐቃቤ ሕግ እንጂ የአባትሽ አይደለም። ስለዚህ አባትሽ ያልያዙትን ክስ ሊተዉት አይችሉም።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34(5) ላይ በባህል ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ። እኔን በጣም የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ አባትን ጠየቁ፣ የተጠቃችውን ልጅ ግን ማንም አልጠየቃትም። ሽምግልና ቂምና ደም መፋሰስ አስቁሞ ብዙ ቤት አድኗል፣ አከብረዋለሁ። በሁለት ቤተሰብ መካከል ሰላም ማውረድና የአንዲት ልጅን በደል መዳኘት ግን የተለያዩ ናቸው።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰውየው ካሳ መክፈሉ ብቻውን ጥፋተኛነቱን አያስረዳም። ብዙ ሰው ሰላም ለማውረድ ሲል ይከፍላል፤ እሱም በፍርድ ቤት እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው። በሌላ በኩል ወረቀቱ ክሱን አያስቀርም። ጥፋተኛ ከተባለ ግን ካሳ መክፈሉ ቅጣት ለማቅለል ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ኮፒውን ያዢ፣ ክሳችሁን ግን በእሱ ላይ አትገንቡ።

ክሱ የሚቆመው በማስረጃ ነው። የሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን አረጋግጪ። የለበሰችውን ልብስ ካላጠባችሁት ለፖሊስ አስረክቡ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከእርቁ በኋላ ምስክሮች «አላየንም» ሲሉ ነው። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት ፍርድ ቤት ክሱ ከመሰማቱ በፊት ቃል መመዝገብ ስለሚችል፣ የእህትሽና የምስክሮች ቃል ቶሎ እንዲመዘገብ ዐቃቤ ሕጉን ጠይቂው። የሚያስፈራራ ካለ ለእሱ ንገሪው፤ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ።

ነገ ጠዋት ወደ ወረዳው ዐቃቤ ሕግ ሂዱ፤ እህትሽም ትሂድ፣ ቃሏን ራሷ ትስጥ። «ተዘግቷል» ካሏችሁ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁና ለበላይ ዐቃቤ ሕግ አመልክቱ። ክሱ ከተከፈተም በዚያው መዝገብ ላይ እህትሽ ካሳ መጠየቅ ትችላለች።