ቀለሙን ከመድፋትህ በፊት ውኃውን እይ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ፓቶሎጂ ላብ ውስጥ አፓረንት ላይ ነኝ። ኤች ኤንድ ኢ፣ ማለትም ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን፣ ስንሠራ ሁለቱም ቀለም ሙሉውን ቲሹ ይነካል። ታዲያ ኒውክለሱ ሰማያዊ፣ ሳይቶፕላዝሙ ሮዝ የሚሆነው እንዴት ነው? የእኛ ስላይድ ላይ ደግሞ ኒውክለሱ ቀይ ቡኒ ሆኖ ቀረ። ሄማቶክሲሊኑ አርጅቶ ይሆን?»

ሰላም ወንድሜ። ሄማቶክሲሊኑን እንዳትደፋው! ይኼ ነገር እኔ ላይ ደርሶ ስንት አጨቃጭቆኛል። ቆረጣውንና ፓራፊን ማስለቀቁን ታውቀዋለህ ብዬ እዘለዋለሁ።

1. ነገሩ የቻርጅ ጉዳይ ነው። ዲኤንኤ ላይ የተደረደሩት ፎስፌቶች ኔጌቲቭ ናቸው። ሄማቶክሲሊን ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ እንጨት የሚወጣ ነገር ሲሆን ሳይለወጥ እንዳለ ቀለም አይሰጥም። በአየር ወይም በሶዲየም አዮዴት ኦክሲዳይዝ ሲደረግ ወደ ሄማቲኢን ይለወጣል፤ ቀለሙ እሱ ነው። ሄማቲኢን ግን ብቻውን ዲኤንኤን አጥብቆ አይዝም። ፖታሲየም አሉም የሚጨመረው ለዚህ ነው። ከአሉም የሚገኘው አሉሚኒየም እንደ አማላጅ መሀል ይገባል፤ ከቀለሙ ጋር ሲጣመር ፖዚቲቭ ይሆንና ፎስፌቱ ላይ ይጣበቃል።

ስለዚህ ቀለሙ የሚከተለው ኔጌቲቭ ቻርጁን ነው፤ ኒውክለስ መሆኑን አያውቅም። ፕላዝማ ሴል ካየህ ሳይቶፕላዝሙም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፕሮቲን በብዛት ስለሚያመርት በአርኤንኤ የተሞላ ነው፣ አርኤንኤም ፎስፌት አለው። «ሳይቶፕላዝሙ ሮዝ» ያልከው እዚህ ላይ አይሠራም።

2. ኢዮሲን የዚህ ግልባጭ ነው። ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ የሚሄደው የፕሮቲን አሚኖ ቡድኖች ጋ ነው። እነዚህ ፖዚቲቭ ሆነው እንዲቆዩ አካባቢው ትንሽ አሲዳማ መሆን አለበት፣ ፒኤች 5 አካባቢ። ኢዮሲን ውስጥ ጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ሳይቶፕላዝም በፕሮቲን የተሞላ ነውና ሮዝ ይሆናል። በደንብ የተሠራ ስላይድ ላይ ቀይ የደም ሴሎች ደማቅ፣ ጡንቻ ከእሱ ቀለል ያለ፣ ኮላጅን ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሆነው ይለያያሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሮዝ ከሆነ ኢዮሲንህ ላይ ችግር አለ።

ኒውክለስም ፖዚቲቭ ፕሮቲን አለው፣ ሂስቶን። ግን ሂስቶን በዲኤንኤው ተይዟል፤ ቦታውንም ሄማቶክሲሊን ቀድሞ ወስዶታል። ካላመንክ የተረፈ ስላይድ ወስደህ ኢዮሲን ብቻ ቀባ። ኒውክለሱን ከአካባቢው ለይተህ ለማየት ትቸገራለህ።

3. አሁን ወደ አንተ ቀይ ቡኒ እንምጣ። የአሉሚኒየምና የሄማቲኢን ጥምር በአሲድ ውስጥ ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ሰማያዊ የሚሆነው ውኃው ትንሽ ወደ ቤዝ ሲያደላ ነው። ይኼኛውን እርምጃ ብሉዪንግ ይሉታል። ሃሪስ ሄማቶክሲሊን የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ትርፉን በአሲድ አልኮል ታነሣለህ፣ 1 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ70 በመቶ አልኮል። ቲሹው ከዚያ ሲወጣ አሲድ ይዞ ነው የሚወጣው። ብሉዪንጉ ካልሠራ ቀይ ሆኖ ይቀራል።

እኛ ላብ የሆነውም ይኸው ነው። ስሙን የማልጠራው ቦታ ስሠራ ለዓመታት በቧንቧ ውኃ እናጥብ ነበር። የዚያ ሰፈር ውኃ በተፈጥሮው ባይካርቦኔት ስለነበረው ሥራውን ዝም ብሎ ይሠራል። አንድ አዲስ ኃላፊ መጡና «ይኼ የቆሸሸ ውኃ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በዲስቲልድ ይታጠብ» አሉ። ዲስቲልድ ውኃ ንጹሕ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል። ግን ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስብና ፒኤቹ ከ6 በታች ይወርዳል። ከ7 በላይ የሚፈልግ ቀለም በእሱ አጥበህ ሰማያዊ አይሆንልህም።

በማግስቱ ፓቶሎጂስቱ ስላይዶቹን መለሱ። ክሮማቲኑ አይታይም፣ ሁሉም ቀይ ነው። ኃላፊው ቀለሙ አርጅቷል አሉ። እኔ ፒኤች ወረቀት ይዤ ሄድኩ፤ «አንተ ቴክኖሎጂስት ነህ ወይስ ኬሚስት?» ተባልኩ። ግዢ ክፍል ሄጄ ለብሉዪንግ የሚሆን ማግኒዥየም ሰልፌት ስጠይቅ ደግሞ «በዕቅድ ውስጥ የለም» ብለው በር ላይ አቆሙኝ። ሰው ከደረጃው በላይ ያወቀ ሲመስላቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

የከፋው ግን ሌላ ነው። ስላይዶቹ ቲሹው ከተቀበረበት የፓራፊን ብሎክ እንደገና ይቆረጡ ተባለ። አንዱ ብሎክ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ናሙና ነበር፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል። መቁረጫው ማሽን፣ ማይክሮቶሙ ላይ ሲስተካከል ቲሹው አለቀ። በሽተኛው እንደገና ኢንዶስኮፒ ገባ። ያ ስላይድ ቀይ ቢሆንም ቀለሙ ቦታው ላይ ነበር፤ የጎደለው ፒኤች ብቻ ነው!

ስለዚህ አንተ አትቁረጥ። ቀዩን ስላይድ ዛይሊን ውስጥ ክተተውና የሽፋኑ መስታወት ራሱ እስኪለቅ ጠብቅ፣ በጉልበት አትገንጥለው። ከዚያ በአልኮል እያወረድክ ወደ ውኃ መልሰው። እዚያ ላይ የስኮት ውኃ አዘጋጅ፦ 1 ሊትር ውኃ፣ 3.5 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ 20 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት። ማግኒዥየሙን እንደ እኔ ከከለከሉህ ባይካርቦኔቱ ብቻውን ይሠራል። ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ቤኪንግ ሶዳ ተጠቅሜያለሁ፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን አይደለም፣ እሱ አሲድ ተቀላቅሎበታል። ስላይዱን ነክረህ ዓይንህ እያየ ሰማያዊ ሲሆን ታያለህ፣ ደቂቃም ላይፈጅ ይችላል። እኔ የቀሩትን በሙሉ እንዲህ አድርጌ መለስኩ፤ ፓቶሎጂስቱም ሪፖርታቸውን ጻፉ። ኃላፊው አመሰግናለሁ እንኳ አላሉም።

አሞኒያ ውኃ ተጠቀም የሚሉህ ይኖራሉ። ይሠራል፣ ግን ከበረታ ቲሹውን ከመስታወቱ ያነሣዋል። ለትንሽ ናሙና እኔ አልደፍርም።

ከብሉዪንግ በኋላ በደንብ እጠብ። ባይካርቦኔቱን ይዘህ ኢዮሲን ውስጥ ከገባህ የኢዮሲኑ ፒኤች ይወጣና ሮዙ ይገረጣል። አንዱን ስታስተካክል ሌላውን አበላሸህ ማለት ነው። ኢዮሲን ካበቃ በኋላ ደግሞ ውኃና ቀጭን አልኮል ውስጥ አትቆይ፣ ቀለሙን ይወስዱታል፤ ቶሎ ወደ አብሶሉት አልኮል እለፍ።

አንድ የማይድን ዓይነት አለ፣ አጥንት። ካልሲየሙን ለማውጣት ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ብዙ የቆየ ቲሹ ዲኤንኤው ራሱ ይፈርሳል። የሚያዝ ፎስፌት በቦታው ስለማይኖር የትኛውም ብሉዪንግ አያድነውም። እንዴት ትለያለህ? ሁሌም ከናሙናው ጋር አንድ የቶንሲል ወይም የአፔንዲክስ ስላይድ አብረህ አሳልፍ። ሁለቱም ቀይ ከሆኑ ውኃህን እይ። ቶንሲሉ ሰማያዊ ሆኖ አጥንቱ ኒውክለስ አልባ ሮዝ ከሆነ፣ አሲድ ውስጥ የከተተውን ሰው ስንት ቀን እንዳቆየው ጠይቀው።

ፒኤች ወረቀት ካለህ ዛሬውኑ ውኃውን ለካና ስንት እንደወጣ እዚሁ ጻፍ።