ክቡ ሽፍታ ጭርት ነው ወይስ ችፌ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክንዴ ላይ ክብ ነገር ወጥቶብኛል፤ ቅርፊት አለው፣ በጣም ያሳክካል። ጭርት ይሁን ችፌ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ማሳከኩን ተወው፤ ሁለቱም ያሳክካሉ። የምታየው ጠርዙን ነው።

ጭርት የሚያመጣው ፈንገስ የሚኖረው የቆዳው የላይኛው የሞተ ንብርብር ላይ ነው። ከአንድ ነጥብ ይነሣና በዙሪያው ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል። ፈንገሱ በብዛት ያለው አዲስ በያዘው ቦታ፣ ማለትም ጠርዙ ላይ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ከፍ ይላል፣ ይቀላል፣ ይፈረፈራል፤ መሃሉ ግን ወደ ጤናማ ቆዳ እየተመለሰ ይሄዳል። ቀለበት የሚመስለው ለዚህ ነው።

ክብ ሆኖ የሚወጣው የችፌ ዓይነት መሃሉና ዳሩ አንድ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል ሻካራ ይሆናል። ሲጀምር ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነጥቦች ይታዩበታል፣ ያዣል፣ ከዚያ ቢጫ ቅርፊት ይሠራል። ቆዳቸው ደረቅ የሆነ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ቅልጥም ወይም በሁለቱም ክንድ ይወጣል። ጭርት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ነው።

አሁንም ከተጠራጠርክ የውጭ ጠርዙን በእስክሪብቶ አስምርና ከሳምንት በኋላ እየው። መስመሩን አልፎ ወጥቶ መሃሉ እየጠራ ከሆነ የጭርት ጠባይ ነው። ይህ ግን ጥርጣሬህን ያጠነክራል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጭርት ቀይ ቀለበት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የኔ ቀይ አይደለም፣ ጠቆር ያለ ነው። ስለዚህ ጭርት አይደለም ማለት ነዋ?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ቀይ የሚባለው ነጭ ቆዳ ላይ በተነሡ ፎቶዎች ምክንያት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ጠርዙ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ይሆናል። ከቀለሙ ይልቅ መነሣቱን ፈልጊ። መብራት ከጎን እያበራሽ እዪው፤ ከፍ ያለው ጠርዝ ጥላ ይጥላል። በጣትሽም ከመሃል ወደ ዳር ዳብሺው፣ ሻካራው የት እንደሚጀምር ይሰማሻል።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቅርፊት ከሌለው፣ ካላሳከከና ካልሰፋ ፈንገስ የለበትም። ብዙ ሰው ይህን ጠባሳ በሽታው አልሄደም ብሎ ክሬም ሲቀባበት ይከርማል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሆዴ ጎን ላይ ክብ ነገር ወጥቶ ቤታሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ክሬም ቀባሁ። በሦስት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፣ ቅርፊቱም ለሰለሰ። ሳቆም ብሶ መጣ፤ እንደገና ቀባሁ፣ እንደገና ጠፋ። አሁን ሦስት ቦታ ሆኗል፣ ቀለበቱም የለም። በስቴሮይድ ከተሻለኝ ችፌ ነው አይደል?

መልስ፦ ክሊኒካችን ውስጥ ከሁሉ በላይ የማየው የእርስዎን ዓይነት ታሪክ ነው። ለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ስቴሮይድ ፈንገስን አይገድልም። የሚያደርገው ቆዳዎ ከፈንገሱ ጋር የሚያደርገውን ትግል ማስቆም ነው። ማሳከክ፣ መቅላትና ማበጥ የዚያ ትግል ውጤቶች ናቸው፤ ትግሉ ሲቆም እነሱም ይጠፋሉ፣ ሰውም ዳንኩ ይላል። ፈንገሱ ግን የሚከላከለው ስላጣ ይሰፋል። ክሬሙን ሲያቆሙ ቆዳው ይነቃና በሰፋው ቦታ ሁሉ ትግሉ ይጀመራል። «ብሶ መጣ» ያሉት ይህ ነው።

ቀለበቱ የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠርዙን የሚሠራው የቆዳው ምላሽ ነበር። አሁን ቢታይ ድንበሩ የደበዘዘ፣ ጥቃቅን እብጠቶች የተበተኑበት ሽፍታ ስለሚሆን ሐኪምንም ያሳስታል። ችፌም ቢሆን ስቴሮይድ ሲቆም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ መመለሱ ብቻውን አይለያቸውም። የእርስዎን ወደ ጭርት የሚያደላው በየዙሩ እየሰፋና አዲስ ቦታ እየያዘ መሄዱ ነው።

ቤታሜታዞኑን ያቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሳከኩ ይብሳል፤ ያኔ ተመልሰው እንዳይቀቡት። በእሱ ፋንታ ፀረ ፈንገስ ለመቀባትም አይቸኩሉ፣ መጀመሪያ ምርመራ ይደረግ። ባለሙያው ከጠርዙ ላይ በምላጭ ጀርባ ቅርፊት ይፍቃል፣ መስታወት ላይ አድርጎ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ያደርግበታል። ፈሳሹ የቆዳውን ሴሎች ያሟሟና ቅርንጫፍ ያላቸው የፈንገስ ክሮች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። አያምም፣ ውጤቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይደርሳል።

ፈንገስ ከተገኘና ቦታው ጥቂት ከሆነ ቴርቢናፊን 1% ክሬም በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቀባል። ክሎትሪማዞል 1% ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እስከ አራት ሳምንት። ሽፍታው ላይ ብቻ ሳይሆን ከጠርዙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብለው ይቀቡ፤ ዓይን ያላየው ፈንገስ እዚያ አለ። በስቴሮይድ የሰፋ ጭርት ወደ ፀጉር ሥር ስለሚገባ ክሬም ብቻውን ላይበቃው ይችላል፤ ያኔ በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል።

አስተያየት፦ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ለዚህ እኮ ነው ድብልቁን የምንሰጠው፣ ፀረ ፈንገስም ስቴሮይድም ያለበትን። ጭርትም ቢሆን ችፌም ቢሆን አንዱ ይይዘዋል።

መልስ፦ ሐሳብህ ግማሹ ልክ ነው። ማሳከኩ በጣም የከበደበት ሰው ሐኪም እያየው ለጥቂት ቀን ቢጠቀምበት የሚደግፉ አሉ። ችግሩ ሰው ለጥቂት ቀን አለመጠቀሙ ነው። ማሳከኩ በሁለተኛው ቀን ሲጠፋ ያቆማል፣ ሲመለስ ይቀባል፣ ቱቦው እስኪያልቅ እንዲህ ይቀጥላል። በእነዚህ ድብልቆች ውስጥ ያለው ስቴሮይድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ብሽሽትና ፊት ላይ ቆዳ ያሳሳል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ትሪኮፋይተን ኢንዶቲኒየ የሚል ስም የተሰጠው ፈንገስ መጀመሪያ የተገለጸው ከሕንድና ከኔፓል በመጡ ታካሚዎች ላይ ነበር፤ አሁን በሌሎች አገሮችም አለ። በሰፊው ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም ቴርቢናፊንን ይቋቋማል። ለመስፋፋቱ ድብልቅ ክሬሞች ትልቅ ድርሻ አላቸው የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ ድርሻቸው ምን ያህል ነው የሚለው ግን ገና ያከራክራል። እኔ በበኩሌ ሳይመረመር ድብልቅ አልሰጥም።

ጥያቄ፦ እኔ ተፍቆልኝ «ፈንገስ የለም» ተባልኩ። ይህ ነገር አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ ከመፋቁ በፊት ባሉት ቀናት ፀረ ፈንገስ ቀብተህ ነበር? ከሆነ ውጤቱ አይታመንም። ከመሃል ተፍቆ ከሆነም እንዲሁ። ክሬሙን ለሁለት ሳምንት ያህል አቁመህ ከጠርዙ እንደገና አስፈቅ። በካልቸር ማሳደግም ይቻላል፣ ግን እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ኒስታቲን ክሬም ቤት አለኝ፣ ፀረ ፈንገስ ይላል።

መልስ፦ ካንዲዳ ለሚባለው ሌላ ፈንገስ ነው። ጭርትን አይነካውም።

ጥያቄ፦ የልጄ ጭንቅላት ላይ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ተመልጧል፣ ይፈረፈራል። ከላይ ያልሽውን ቴርቢናፊን ክሬም ልቀባለት?

መልስ፦ ከላይ ያወራነው ስለ ገላ ነው፣ እናቴ። ያንቺ ልጅ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ክሬም አይደርስበትም። ለሳምንታት የሚዋጥ ግራይሲዮፉልቪን ወይም ቴርቢናፊን በኪሎው ተለክቶ ይታዘዝለታል። ግራይሲዮፉልቪን ከሆነ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጪው፣ በደንብ የሚገባው ያኔ ነው። ቦታው አብጦ መግል ከያዘ ሳትዘገዪ ውሰጂው፤ ከቆየ ፀጉሩ ላይመለስ ይችላል። የሌሎቹንም ልጆች ጭንቅላት እዪ። ማበጠሪያና ኮፍያ አይጋሩ። ድመት ካለችም ፀጉሯ የሳሳበት ቦታ እንዳለ ተመልከቺ፣ ከእሷም ይተላለፋል።

አስተያየት፦ እናንተ ስለ ማሳከክ ታወራላችሁ፣ እኔ ጀርባዬ ላይ ክብ ነገር አለብኝ፣ ዓመት አልፎታል፣ ምንም አያሳክከኝም። እንዲያውም ስነካው ብዙም አይሰማኝም። ጭርት ብዬ ክሎትሪማዞል ቀብቼ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአንተን ለብቻው ነው የማየው። ጭርትም ችፌም ስሜት አያደነዝዙም። ዓይንህን ጨፍነህ ሌላ ሰው በጥጥ ጫፍ አንዴ ሽፍታው ላይ፣ አንዴ ጤነኛው ቆዳ ላይ ይንካህ። ሽፍታው ላይ ያለው ከቀነሰብህ ወይም ካልተሰማህ ክሬም አይመለከተውም፤ የሥጋ ደዌ እንዳይሆን በዚህ ሳምንት ጤና ተቋም ሄደህ ታይ። ከሆነም መድኃኒት አለው፣ ይድናል። ነርቭ ከተጎዳ በኋላ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ስለሚችል አትቆይ። ጥጡ እኩል ቢሰማህም ዓመት የቆየ ነገር ስለሆነ አሳየው።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ቅልጥሜ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ወጥቷል፣ ሌሊት አያስተኛኝም። ሁለት ጊዜ ተፍቆ ምንም አልተገኘም፤ ቴርቢናፊን አራት ሳምንት ቀብቼ ለውጥ የለም። አሁን ምን ቀረ?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ከጠርዙ ተፍቆ ካልተገኘ፣ በሁለቱም እግር ከሆነና ፀረ ፈንገስ ካልነካው ሚዛኑ ወደ ችፌ ነው። እዚህ ላይ ከላይ ስንወቅሰው የዋልነው ስቴሮይድ ትክክለኛው መድኃኒት ይሆናል። ቅልጥም ላይ ደካማው አይበቃም፤ ጠንከር ያለውን ሐኪም ይዘዝልዎና በተባለው ጊዜ ይቀቡ። ከእሱ እኩል የሚያስፈልገው ማለስለሻው ነው፦ በለብ ባለ ውሃ ለአጭር ጊዜ ይታጠቡ፣ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ወፍራም ክሬም በደንብ ይቀቡ፣ ችፌው ከጠፋም በኋላ አያቁሙት። ይህ ዓይነቱ ችፌ የሚመላለስ ነው፤ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ይህን በአግባቡ አድርገው በአራት ሳምንት ካልተሻለ፣ ወይም እንደገና ጠርዝ እያወጣ ከሰፋ፣ ክርኑንና የራስ ቆዳዎንም ለሐኪሙ ያሳዩት። ሶራያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታም እንዲህ ሊመስል ስለሚችል ከቆዳው ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ሊመረመር ይችላል። የሁለቱን ፍቆች ወረቀትና የተጠቀሙባቸውን ቱቦዎች ሁሉ ይዘው ይሂዱ፣ ያለቁትንም ጭምር።