ለመምህሬ የላክሁት መልእክት

«ለቀድሞ መምህሬ ‹ጋሼ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ› ብዬ ላክሁ። አንብበው ዝም አሉ። ምን ላድርግ?»

ዝምታቸው እንቢታ ላይሆን ይችላል። ማን እንደሆንክ፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ የሚለውን ሁሉ አንተ ሳትነግራቸው እሳቸው እንዲጠይቁህ ተውክባቸው። እንዲህ አድርገህ እንደገና ጻፈው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በ2014 ደሴ ያስተማሩኝ፣ የቦርከናን ዳር አፈር ያጠናሁት ተማሪዎ ነኝ። ኮምቦልቻ ለላቦራቶሪ ሥራ አመለክታለሁ፤ ደብዳቤው እስከ ጥር 20 ይፈለጋል። ስለ ላቦራቶሪ ሥራዬ ግማሽ ገጽ ሊጽፉልኝ ይችላሉ? ማስታወቂያውንና የሥራ ልምዴን አያይዣለሁ። ጊዜ ካጠረዎ ወይም በደንብ ካላስታወሱኝ ቢነግሩኝ አይከፋኝም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትቁረጣት። ይሉኝታ ይዟቸው የሚጽፉት ለብ ያለ ደብዳቤ ከእንቢታ ይልቅ ይጎዳሃል። ቀኑ ሳይደርስም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጣቸው።