«ባልቀንስስ ማን ይከሰኛል?»

ጥያቄ፦ «የድርጅታችንን ውሎች የማረቅቀው እኔ ነኝ። ‹ተጎጂው ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት› ብዬ ብጽፍ አለቃዬ ‹የማቃለል› ብለህ አርመው አሉኝ። እኔን ግን የከነከነኝ ‹ግዴታ› የሚለው ቃል ነው። ባልቀንስስ ማን ይከሰኛል?»

መልስ፦ ማንም አይከስዎትም። አለቃዎ በግሡ ሲጨነቁ እርስዎ ግን ዋናውን ነገር ነክተዋል።

ግዴታ የውዴታ መንታ ነው። ወደደ ውዴታን፣ ገደደ ግዴታን ወለዱ። ሁኔታና ቅሬታም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ግዴታ ውስጥ ግድ አለ፤ ግድ ካለ ደግሞ ከወዲያ በኩል የሚያስገድድ ሰው አለ። የተበደርኩትን ካልመለስኩ አበዳሪዬ ፍርድ ቤት ያቆመኛል። እዚህ ግን ያ ሰው የለም። ውል የፈረሰበት ሰው እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ «ተነስና ጉዳትህን ቀንስ» ብሎ የሚከሰው አይኖርም። የሚደርስበት ሌላ ነው፤ በቀላሉ ሊያስቀረው ይችል የነበረው ጉዳት ከሚጠይቀው ካሳ ላይ ይነሳል።

ጀርመኖች ለእንዲህ ያለው ነገር «ኦብሊገንሃይት» የሚል የተለየ ስም አላቸው። ከእውነተኛው ግዴታ ዝቅ ያለ፣ ብትተወው ራስህን የሚጎዳህ ነገር ማለት ነው። እኛ ጋ የሚቀርበው «የውዴታ ግዴታ» ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መዋጮ ሲመጣ የምናሾፍበት አባባል እዚህ በቁሙ ትርጉም አገኘ።

ነገሩን በጤፍ እንየው። እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክብ ሴት አለች እንበል። ከአንድ ነጋዴ ጋር 20 ኩንታል ጤፍ፣ ኩንታሉን በ12,000 ብር ተዋዋለች። ቀኑ ደረሰ። ነጋዴው «የለኝም» አለ። በዚያ ሳምንት እህል በረንዳ ተመሳሳዩ ጤፍ በ13,000 ብር ይገኛል። እሷ ግን ተናደደች። «ቃሉን ይጠብቅ እንጂ ለምን ከሌላ እገዛለሁ?» ብላ ተቀመጠች። ከሁለት ወር በኋላ ዋጋው 16,000 ብር ገባ። ያኔ ገዛችና ልዩነቱን 80,000 ብር ክፈለኝ ብላ ከሰሰች።

የሚገባት 20,000 ብር ነው። በጊዜው ብትገዛ ኖሮ የምትከስረው ያንን ያህል ነበርና። ቀሪው 60,000 ብር የነጋዴው ጥፋት ያመጣው አይደለም፤ የሁለት ወሩ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያመጣው ነው። ሌላም ምክንያት አለ። እንዲህ መጠበቅ ቢፈቀድ ኖሮ ሴትየዋ በሰው ገንዘብ ትነግድ ነበር። ጤፍ ቢረክስ ትርፉን በኪሷ ትከታለች፤ ቢወደድ ኪሳራውን ነጋዴው ይሸፍናል።

ይህ ማለት ግን በዚያችው ሰዓት ሮጣ መግዛት አለባት ማለት አይደለም። ማጠያየቂያ ጊዜ ይሰጣታል። ነጋዴው «ነገ አመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያ አይቀርም» እያለ ካቆያትና እሷም ልታምነው የሚያስችል ምክንያት ከነበራት፣ ያ ጊዜ የሚቆጠረው በእሱ ላይ ነው። ለመፈለግ ያወጣችው የደላላና የመኪና ገንዘብም ወደ ካሳው ይገባል፤ ፍለጋው ሳይሳካ ቢቀር እንኳ። ተጣድፋ ትንሽ አስወድዳ ብትገዛም፣ በቅን ልቦና እስካደረገችው ድረስ ውል ያፈረሰው ሰው «ረከስ ያለ ሱቅ ነበረልሽ» ብሎ አይሟገታትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1802 የሚፈልገው ብዙ እንግልትና ከባድ ወጪ የማያስከትለውን እርምጃ ነው። «ማስቀረት ትችል ነበር» የሚለውን ማስረዳትም በተለምዶ የሚወድቀው ውሉን ባፈረሰው ላይ ነው።

ሰው ለመቀበል የሚከብደው ሌላው ነው፦ መውጫው ከዚያው ካስቀየመህ ሰው እጅ ሲመጣ። በ1919 በእንግሊዝ የተፈረደው የፔይዙና የሳውንደርስ ጉዳይ ይህ ነበር። ሻጯ ሐር በየጊዜው ልታቀርብ፣ ገዢው በአንድ ወር ውስጥ ሊከፍል ተስማሙ። ገዢው የመጀመሪያውን ክፍያ አዘገየ። ሻጯ ከእንግዲህ በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አልሰጥም አለች። ገዢው በኩራት እምቢ አለ፤ የሐር ዋጋም ወጣ። ፍርድ ቤቱ ሻጯ ውሉን አፍርሳለች አለ። ገዢውንም ግን በጥሬ ገንዘብ መግዛት ነበረብህ አለው። የተፈረደለት ዱቤው በመቅረቱ ሊያጣው ይችል የነበረውን ያህል ብቻ ነው። በንግድ መካከል ኩርፊያ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ተዋርዶ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ወደዚያው አለቃ ተመለስ ሲባል ግን ሚዛኑ ይለያል፤ እዚያ ኩርፊያው ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ግሡ ልምጣ። አለቃዎ የያዙት አቋም አዲስ አይደለም። «መቀነስ የሒሳብ ቃል ነው፣ ለጉዳት አይሆንም» የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። የእነሱ «ማቃለል» የባሰ ነው። ማቃለል መናቅም ነውና «ተጎጂው ጉዳቱን የማቃለል ግዴታ አለበት» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ ተበድለህ ሳለ «ምንም አይደለም» በል የተባለ ሊመስለው ይችላል።

እኔ የምወደው «መግታት»ን ነው። የጎዳ አባት ግእዙ ጐድአ ነው፤ መምታት ማለት ነው። ምት አንዴ ካረፈ አረፈ፤ አይቀነስም። የጤፍ ነጋዴው ያደረሰው 20,000 ብር ያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጋልበውን ጉዳት ግን ልጓም ስቦ መግታት ይቻላል። ሕጉም የሚያወራው ስለዚህኛው ነው። «ኪሳራ»ንም እዚህ ባያስገቡት እመርጣለሁ። ከዐረብኛ መጥቶ በመጀመሪያ የነጋዴ ቃል ነበር፤ ዛሬ ፍርድ ቤቱ «ወጪና ኪሳራ» ሲል የሚከፈለውን ነገር ጭምር ያመለክታል። የጠፋውና የሚተካው በአንድ ስም ሲጠሩ ውል ውስጥ ጠብ ይወልዳል።

ግን እውነቱን ልናገር፤ «መግታት» የእኔ ምርጫ ብቻ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱም፣ ጠበቃውም፣ ዳኛውም «ጉዳትን የመቀነስ ግዴታ» ብለው ለምደዋል። እርስዎ ብቻዎን «መግታት» ብለው ቢጽፉ ተከራካሪዎ ሌላ ትርጉም ሊፈልግበት ይችላል። ስለዚህ፣ ሳልወድ በግዴ፣ «መቀነስ» ይቆይ እላለሁ። «ግዴታ»ን ግን እንዳይጠቀሙበት የሚያደርግ መንገድ አለ። አንቀጹን እንዲህ ይጻፉት፦ «ተጎጂው ወገን ያለ ከባድ ወጪና እንግልት ሊያስቀረው ይችል ለነበረው ጉዳት ካሳ መጠየቅ አይችልም። ጉዳቱን ለመቀነስ በአግባቡ ያወጣው ወጪ ግን ይተካለታል።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳይረሱት። ብዙ ረቂቅ ላይ የማጣው እሱን ነው፤ እሱ ከሌለ የጤፏ ሴት የደላላና የመኪና ገንዘቧን ለማስመለስ ሌላ ክርክር ትገጥማለች።