ሁለት ሰዎችን በኢሜይል ከማገናኘትህ በፊት

ጥያቄ፦ «ኢንተርንሺፕ የወጣሁበት ቡና ላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጇ የገበሬ ማሳ በጂፒኤስ የሚመዘግብላቸው ባለሙያ እየፈለጉ ነው። ጂአይኤስ ያስተማሩኝ መምህር ይህን ሥራ ይሠራሉ። ሁለቱንም አንድ ኢሜይል ላይ አስገብቼ ‹ተዋወቁ› ብላቸው ችግር አለው?»

ሁለቱም እሺ ሳይሉህ አትላክ። ኢሜይሉ አንዴ ከሄደ መምህርህ ጊዜ ባይኖራቸውም በማያውቁት ሰው ፊት እምቢ ማለት ሊኖርባቸው ነው። ይሉኝታ ስለሚይዛቸው ዝም ይላሉ፤ ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ዝምታውን እንደ ንቀት ይቆጥሩታል።

መጀመሪያ መምህርህን ጠይቅ፤ ሥራው የሚወድቀው እሳቸው ላይ ነው። የድርጅቱን ስም ግን ገና አትጥራ። ሥራ አስኪያጇ ባለሙያ መፈለጋቸውን ለአንተ ነገሩህ እንጂ ለሌላ ንገር አላሉህም። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለአውሮፓ ገበያ የገበሬዎችን ማሳ የሚመዘግብለት ባለሙያ ይፈልጋል። ፈቃድዎ ከሆነ ከኃላፊዋ ጋር በኢሜይል ላገናኝዎት። ካልተመቸዎት ምንም አይደለም፤ ስምዎን ለማንም አላነሳሁም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትቆርጣት፤ ያለ ሐፍረት እምቢ የሚሉት በእሷ ነው። እምቢ ካሉም ለሥራ አስኪያጇ የምትነግረው የለም።

እሺ ካሉ ወደ ሥራ አስኪያጇ ሂድና የእሳቸውንም ፈቃድ ለይተህ ጠይቅ። ስለ መምህርህ ያየኸውን ብቻ ተናገር። ክፍል ውስጥ ጎበዝ አስተማሪ መሆናቸውን ታውቃለህ፤ ገጠር ወርደው ሥራ በቀኑ ማስረከባቸውን ካላየህ «ጎበዝ ነው፣ እኔን እመኑኝ» አትበል።

ማገናኛው ኢሜይል አጭር ይሁን። ርዕሱ ላይ «ትውውቅ፦ ወ/ሮ እገሊት እና አቶ እገሌ፣ ስለ ማሳ ምዝገባ» በል። ውስጡ ማን ምን እንደሚሠራና ለምን እንደተገናኙ ይግባ። «ለሥራ ጉዳይ» አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው መለካት አለበት፣ ለአነስተኛው አንድ ነጥብ ይበቃል። መምህርህ ይህን ምክንያት ሲያነቡ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ወዲያው ይገባቸዋል። መጨረሻ ላይ ማን እንደሚጀምር ጻፍ፦ «ወ/ሮ እገሊት ስለ ማሳዎቹ ብዛትና ቦታ ቢጽፉላቸው።» ይህ ከሌለ ሁለቱም ሌላው ይጀምር ብለው ይቀመጣሉ። ስልክ ቁጥር ሌላ ፈቃድ ነው፤ በኢሜይል እሺ ያለ ሰው ስልኩንም ፈቅዷል ማለት አይደለም። ዋጋ የሚባል ነገርም አታንሳ።

ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ሰው አንተን ወደ ቢሲሲ ቢያወርድህ ቅር አይበልህ፤ ደግ አድርጓል፣ ቀጠሮ ሲለዋወጡ አንተን ማሰልቸት አይፈልግም። ሳምንት ካለፈ በኋላ «ተገናኛችሁ?» ማለት ከፈለግህ ለሥራ አስኪያጇ ለብቻቸው ጻፍ፤ ሁለቱ ባሉበት ኢሜይል ላይ እንዳይሆን።