አፕዴት ያበላሸውን መተግበሪያ ወደ ቀድሞው መመለስ፦ መቼ ይቻላል፣ የተቀመጠው መረጃስ ምን ይሆናል? (ጥያቄና መልስ)

ባለ ሱቅ፣ ከአዳማ፦ የደንበኞቼን ዱቤ የምመዘግብበት መተግበሪያ ትናንት ማታ ራሱን አፕዴት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ስከፍተው ብልጭ ብሎ ይዘጋል። የሁለት ዓመት ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ አልተጻፈም። አጥፍቼ የድሮውን ልጫን?

መልስ፦ እባክዎ አያጥፉት። አንድሮይድ አንድን መተግበሪያ ሲያራግፍ ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን መተግበሪያው በግል ማኅደሩ ያስቀመጠውን ሁሉ አብሮ ይሰርዛል፤ የዱቤ መዝገብዎ ያለውም በዚያው ማኅደር ውስጥ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት Clear storage የሚለውን ቁልፍ አይንኩ። Clear cache የሚለው መዝገቡን ስለማይነካ ቢሞክሩት ጉዳት የለውም፣ ምንም እንኳ እንዲህ ያለውን ችግር የሚፈታው ከስንት አንዴ ቢሆንም።

ብልጭ ብሎ መዝጋቱ መዝገቡ ጠፍቷል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው አንባቢው እንጂ የሚነበበው አይደለም። ስለዚህ ለሠሪዎቹ የስልክዎን ዓይነት፣ የአንድሮይዱን ቁጥርና የመተግበሪያውን ቨርዥን ጽፈው ይላኩና የተስተካከለ ማሻሻያ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ አዲሱ ማሻሻያ ከላይ ሲጫን ማኅደሩን አይነካም። እስከዚያው የዕለቱን ዱቤ በወረቀት ይያዙ።

ስልክ ጠጋኝ፣ ከመርካቶ፦ መጠበቅ ለምን? የድሮውን የመጫኛ ፋይል፣ ኤፒኬውን፣ ከላዩ መጫን ነው። እምቢ ካለ በኮምፒውተር በ -d ይጫናል፣ ዳታው አይነካም። እኔ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

መልስ፦ እርስዎ የሚሉት፣ adb በሚባለው መሣሪያ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ የሚሰጠው ትእዛዝ ይህ ነው፤ -d ያነሰው ቨርዥን እንዲፈቀድ ይጠይቃል፦

```
adb install -r -d dube-45.apk
```

በእርግጥ አለ፣ በቆዩ ስልኮች ላይ መሥራቱንም አልክድም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መተግበሪያ ለተጠቃሚው ከሚታየው ቁጥር ሌላ versionCode የሚባል ውስጣዊ ቁጥር ስላለው፣ አንድሮይድ በስልኩ ካለው ያነሰ ቁጥር የያዘውን አይቀበልም፤ የዛሬዎቹ ለገበያ የሚወጡ ስልኮች ደግሞ -d የሚለውን ፈቃድ የሚያከብሩት ለሙከራ ለተዘጋጀ መተግበሪያ ብቻ ነው። ከፕሌይ ስቶር ለመጣ ተራ መተግበሪያ የሚያገኙት መልስ ይህ ይሆናል፦

```
INSTALL_FAILED_VERSION_DOWNGRADE
```

ሌላው ነገር ሠሪው በፋይሉ ላይ የሚያኖረው ዲጂታል ፊርማ ነው። የድሮው ፋይል የተፈረመበት ቁልፍ አሁን ስልኩ ላይ ካለው የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰው ነካክቶ እንደገና የፈረመው ከሆነ፣ ስልኩ ከነባሩ ጋር ይጋጫል ብሎ ይመልሰዋል። ይህ መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው «እንግዲያው ነባሩን ላጥፋው» ይላል፤ መዝገብ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

ስልክ ጠጋኝ፣ ከመርካቶ፦ ዳታውን አስቀርቶ የሚያራግፍም አለ፣ -k የሚባል።

መልስ፦ አለ፤ adb uninstall -k ፕሮግራሙን አንሥቶ ማኅደሩን ይተወዋል። ችግሩ አዳዲሶቹ አንድሮይዶች በቀረው ማኅደር ላይ የቀድሞውን ቁጥር ስለሚያስታውሱ፣ ያነሰውን ቨርዥን አሁንም ሊከለክሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሰውዬው መተግበሪያ የሌለው ማኅደር ይዞ ይቀራል፤ መውጫው ያንኑ ወይም ከዚያ የበለጠውን ቨርዥን በትክክለኛው ፊርማ መልሶ መጫን እንጂ ያለ -k ደግሞ ማራገፍ አይደለም። በሰው የሁለት ዓመት ሒሳብ ላይ እኔ ይህን አልሞክርም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፦ እሺ፣ እንደምንም የድሮው ተጫነ እንበል። ዳታው ካልተነካ አደጋው ምን ላይ ነው?

መልስ፦ አደጋው ዳታው አለመነካቱ ላይ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወቅት የሽያጭ መመዝገቢያ በሚሠራ ቡድን ውስጥ ሳለሁ ራሳችን የፈጸምነውን ስሕተት ልንገርዎት።

ቁጥር 45 የነበረውን መተግበሪያችንን 46 አልነው። በ46 ውስጥ የዳታቤዙን ቅርጽ ቀይረን ነበር፤ ቀድሞ የደንበኛ ስምና ስልክ በአንድ ሰንጠረዥ ነበሩ፣ እኛ ግን በሁለት ከፈልናቸው፤ የዳታቤዙም የራሱ ቁጥር ከ11 ወደ 12 ከፍ አለ። 46 በሌላ ስሕተት ምክንያት ደረሰኝ ሲታተም ይዘጋ ጀመር። ፕሌይ ስቶር ያነሰ ቁጥር ስለማይቀበል የ45ን ኮድ እንዳለ ወስደን 47 የሚል ቁጥር ሰጥተን አወጣነው። ብልሃት መስሎን ነበር። በ46 ላይ መተግበሪያውን አንድ ጊዜ እንኳ ከፍተው የነበሩ ሁሉ፣ 47 ሲደርሳቸው ጭራሽ መክፈት አቃታቸው። በኮምፒውተር ስናየው እንዲህ ይላል፦

```
SQLiteException: Can't downgrade database
from version 12 to 11
```

ምክንያቱ ቀላል ነው። 46 በመጀመሪያው መክፈቻ ላይ ዳታቤዙን ወደ 12 አሻግሮታል፤ የድሮው ኮድ ግን 11ን እንጂ 12ን አያውቅም። አንድሮይድ ራሱ ያዘጋጀው ዳታቤዝ ከፋች፣ ገንቢው ለመመለሻው ኮድ ካልጻፈለት፣ ይህንኑ ስሕተት ጥሎ ይቆማል፤ እኛን ያተረፈንም ይኸው መቆሙ ነው። ሩም በሚባለው የዳታቤዝ መሣሪያ ብንሠራና fallbackToDestructiveMigrationOnDowngrade የሚለውን መስመር ጽፈን ቢሆን ኖሮ፣ ሰንጠረዦቹን አጥፍቶ ባዶ መዝገብ በሰላም ይከፍትላቸው ነበር። ብልጭ ብሎ ከሚዘጋ መተግበሪያ ይልቅ በባዶ ገጽ በደህና የሚከፈተው የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

በመጨረሻ 48ን አወጣን፤ ኮዱ የ45 ሆኖ ቅርጽ 12ን ማንበብ እንዲችል ተደርጎ። ከተጠቃሚ በኩል ሲታይ ወደ ኋላ ተመለስን፤ በዳታው በኩል ግን የሄድነው ወደ ፊት ነው።

ነርስ፣ ከሪያድ፦ ይህ ሁሉ ለምን ይወሳሰባል? በ2013 ዓ.ም. ስልኬ ላይ ጂሜይልም ሌላውም እየተዘጋ ሲያስቸግረኝ፣ ዌብቪው የሚባለውን Uninstall updates አድርጊ አሉኝ፣ አደረግሁ፣ በደቂቃ ተስተካከለ። ወንድሜም እንደዚያ ያድርግ።

መልስ፦ እህቴ፣ የእርስዎ ታሪክ እውነት ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የጉግል የዌብቪው ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ ብዙ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ሲዘጋ፣ ማሻሻያውን ማንሣት ለብዙዎች ሠርቷል፤ በኋላም ጉግል የተስተካከለውን አወጣ።

ነገር ግን ያ ቁልፍ የሚገኘው ከስልኩ ጋር አብረው ለተሠሩ መተግበሪያዎች ብቻ ነው። ፋብሪካው ያስቀመጠው ቅጂ በሲስተሙ ክፍል ተቆልፎ ስለሚኖር፣ ማሻሻያው ሲነሣ ያኛው ከሥር ብቅ ይላል። ባለ ሱቁ ራሱ ያወረደው መተግበሪያ ግን ከሥሩ ምንም የለውም። በተጨማሪም ቁልፉን ሲጫኑ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ All data will be removed ይላል። ዌብቪው የሌሎች መተግበሪያዎች ገጽ ማሳያ እንጂ የእርስዎን ጽሑፍ የሚያኖር ባለመሆኑ የሚጠፋ ነገር አልነበረም፤ በስልኩ ማስታወሻ ደብተር ወይም የድምፅ መቅጃ ላይ ያንኑ ቢያደርጉ ግን ማስጠንቀቂያው በትክክል ሊደርስብዎት ይችላል።

ሹፌር፣ ከዋሽንግተን ዲሲ፦ እኔ አይፎን ነው ያለኝ። Offload App አድርጌ መልሼ ባወርደው የድሮው ይመጣል?

መልስ፦ አይመጣም። Offload App ፕሮግራሙን አንሥቶ መረጃዎን ያቆያል፤ ተመልሶ የሚወርደው ግን አፕ ስቶር ላይ ዛሬ ያለው ቨርዥን ነው። አሮጌ ስልኮች ላይ አፕ ስቶር ለሲስተሙ የሚስማማውን የመጨረሻ ቨርዥን ያቀርባል፤ እሱም ቢሆን ተጠቃሚው የሚመርጠው አይደለም።

አስተማሪ፣ ከባሕር ዳር፦ የጉግል ባክአፕ ስላለኝ ተማምኜ መተግበሪያውን አጠፋሁት። የድሮውን ኤፒኬ ስጭን ባዶ ሆኖ ተከፈተ። ባክአፑ የት ሄደ?

መልስ፦ ምናልባት የትም አልሄደም። የአንድሮይድ ባክአፕ መረጃውን የወሰደው በየትኛው ቨርዥን ላይ ሳለ እንደሆነ ይይዛል፤ ገንቢው restoreAnyVersion የሚለውን ካልፈቀደ በቀር፣ ከአዲሱ የተወሰደ ባክአፕ ወደ አነሰው አይመለስም። ሲጀመር የሚሞላው ስለተከለከለ ብቻ ባዶ ይከፈታል። ስለዚህ የድሮውን ያንሡና አዲሱን ከፕሌይ ስቶር ይጫኑት፤ እዚያ ላይ ሊመለስልዎት ይችላል። ይህን ሳይውሉ ሳያድሩ ያድርጉት፣ ምክንያቱም የሚቀመጠው የመጨረሻው ባክአፕ ብቻ ስለሆነ፣ ባዶው መተግበሪያ ራሱ ተቀድቶ በደህናው ላይ እንዳይተካ እሰጋለሁ። ለአንድ መተግበሪያ የሚፈቀደው 25 ሜጋባይት ብቻ መሆኑን፣ ገንቢው ባክአፑን ጨርሶ ሊዘጋው እንደሚችልም ያስታውሱ፤ ካልተመለሰ ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፦ ስልኩን ሩት አድርጎ፣ ማለትም የሲስተሙን ሙሉ ሥልጣን ይዞ፣ ማኅደሩን መቅዳትስ?

መልስ፦ አስቀድሞ ሩት ለሆነ ስልክ ጥሩ መንገድ ነው። ለባለ ሱቁ ግን ሩት ለማድረግ አብዛኛውን ጊዜ መከፈት ያለበት ቡትሎደር፣ ማለትም ስልኩን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ሲከፈት ስልኩ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል፤ መዝገቡን ለማዳን መዝገቡን ማጥፋት ይሆናል። የሁለት ደረጃ መግቢያ ኮድ የሚሰጡትን የመሰሉ መተግበሪያዎች ደግሞ ፋይሉን ቢቀዱትም ላይከፈት ይችላል፤ መክፈቻው በስልኩ የቁልፍ ማኅደር ውስጥ ከሆነ መተግበሪያው ሲራገፍ አብሮ ይጠፋል።

ስልክ ጠጋኝ፣ ከመርካቶ፦ የስልኩ አምራች ራሱ የሚሰጠው ወደ ሌላ ስልክ ማሻገሪያስ? እሱ ዳታውንም ይዞ ይሄዳል።

መልስ፦ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ቁርጥ ያለ መልስ ግን የለኝም። በሁለት ስልኮች ሞክሬ አንዱ መዝገቡን ይዞ ተሻገረ፣ ሌላው መተግበሪያውን ብቻ ባዶውን አሻገረ። የሚሻገርበት ስልክ ላይ መጀመሪያ ይሞከር፣ ዋናው ስልክ ምንም ሳይነካ።

ባለ ሱቅ፣ ከአዳማ፦ ሠሪዎቹ ዛሬ ጠዋት አዲስ ላኩ፣ ተከፈተ። ሒሳቡ አለ፤ ግን ሁለት ደንበኞች ስማቸው ያለ ስልክ ቁጥር ነው የሚታየው። ቁጥራቸውን መልሼ ልጻፍ?

መልስ፦ ገና አይጻፉ። መጀመሪያ Export የሚል ቁልፍ ካለው የኤክሴል ወይም የሲኤስቪ ፋይል ያውጡና ወደ ራስዎ ቴሌግራም Saved Messages ይላኩት፤ ከስልኩ ውጭ አንድ ቅጂ ይኑርዎት። ፋይሉን ከፍተው ሁለቱን ደንበኞች ይፈልጉ፤ ስልካቸው እዚያ ካለ ጠፍቶ ሳይሆን ሳይታይ ቀርቶ ነውና ለሠሪዎቹ ይንገሩ። ከሌለ ሽግግሩ ላይ ወድቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይጻፉት። ዱቤያቸውንም ልብ ብለው ይመልከቱ፣ በተለይ መተግበሪያው ከመበላሸቱ በፊት በነበረው ምሽት የጻፉትን።